አንድ ኪሎ ጤፍ በስንት ኪሎ በቆሎ?

ጤፍ ሲወደድ በከተማ ያለ ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መላ አለ፤ መቀላቀል። ወደ ወፍጮ ቤት ከሚሄደው ጤፍ ላይ በቆሎ፣ ሩዝ ወይም ማሽላ ይጨመርበታል። በቆሎ የበዛበት እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፣ በማግስቱም እንደ ጤፉ አይለሰልስም። ቢሆንም ሆድ ይሞላል፣ ዋጋውም ይቀላል። የድብልቁ ልክ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱ ግማሽ በግማሽ ያደርጋል፣ ሌላው ከአራት እጅ አንዱን ብቻ በቆሎ ያደርጋል፣ ጤፉን ጭራሽ የተወም አለ። ይህ ልክ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ወረቀትና እርሳስ ሳያነሳ የሚሠራው ስሌት አለ፤ የኢኮኖሚክስ መምህራን ያንኑ ስሌት በሁለት መስመሮች ይስሉታል።

አንደኛው መስመር ቤቱ የሚችለውን ያሳያል፣ ሁለተኛው ቤቱ የሚወደውን። መልሱ ያለው ሁለቱ በሚነካኩበት ነጥብ ላይ ነው።

ከሚቻለው እንጀምር። አንድ ቤተሰብ ለወር እህል 4,800 ብር መድቧል እንበል። ጤፍ በኪሎ 120 ብር፣ በቆሎ በኪሎ 40 ብር ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ብሩ ሁሉ ጤፍ ላይ ቢውል 40 ኪሎ ይገዛል፤ ሁሉም በቆሎ ላይ ቢውል 120 ኪሎ ይገዛል። በወረቀት ላይ ጤፍን በአግድም፣ በቆሎን ወደ ላይ ብንለካና እነዚህን ሁለት ጫፎች በቀጥታ መስመር ብናገናኝ የበጀት መስመር ይባላል። በመስመሩ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ብሩን ሳያተርፍና ሳያጎድል የሚጨርስ ድብልቅ ነው። 30 ኪሎ ጤፍና 30 ኪሎ በቆሎ እዚያ ላይ አሉ፤ 24 ኪሎ ጤፍና 48 ኪሎ በቆሎም እንዲሁ። ከመስመሩ በላይ ያለው አይደረስበትም።

የዚህ መስመር ቁም ነገር ተዳፋቱ ነው። አንድ ኪሎ ጤፍ የተወ ሰው በእጁ 120 ብር ይቀረዋል፤ በዚያ ብር ሦስት ኪሎ በቆሎ ይገዛል። ስለዚህ ገበያው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ጤፍ በሦስት በቆሎ። ብሩ እዚህ ላይ መሸጋገሪያ ብቻ ነው። የሁለቱም እህል ዋጋ በእጥፍ ቢጨምርና የቤቱም ገቢ በእጥፍ ቢያድግ መስመሩ ካለበት አይነቃነቅም፤ የተለወጠው የብሩ ቁጥር እንጂ የልውውጡ ልክ አይደለምና።

ሁለተኛው መስመር ይከብዳል፤ የሚስለው ልብ ውስጥ ያለውን ነውና። እንዲህ አድርገን እንጀምር። የቤቱን እመቤት፣ 30 ኪሎ ጤፍና 30 ኪሎ በቆሎ ባለበት ድብልቅ ላይ ቆመን እንጠይቃት። «ጤፉ ወደ 24 ኪሎ ቢወርድ፣ ያው እንደ በፊቱ ሆነ ለማለት በቆሎው ስንት መሆን አለበት?» መልሷ 58 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል እንበል። ደግሞ «ጤፉ ወደ 36 ቢጨምርስ፣ በቆሎው እስከ ስንት ቢወርድ ቅር አይልሽም?» ስንላት፣ 17 ኪሎ ተኩል ያህል ትለናለች። እነዚህ ሦስት ድብልቆች ለእሷ እኩል ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱን ብንሰጣት አትከፋም፣ አትደሰትምም። እነሱንና በመካከላቸው ያሉትን እኩል የሆኑ ነጥቦች ሁሉ ስናያይዝ የእኩል እርካታ ኩርባ እናገኛለን፤ ተማሪዎች ኢንዲፈረንስ ከርቭ የሚሉት ይህ ነው።

ቁጥሮቹን ከየት አመጣሃቸው ለሚል አንባቢ፣ የዚህን ቤት ምርጫ የሚወክል ቀላል ቀመር ተጠቅሜያለሁ፤ የጤፉን ኪሎ ሦስት ጊዜ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ በበቆሎው ኪሎ ማባዛት። 30 × 30 × 30 × 30 ብለን 810,000 እናገኛለን። በ24 ኪሎ ጤፍም በ36 ኪሎ ጤፍም ወደዚሁ ቁጥር የሚያደርሰውን በቆሎ ፈልገን ነው ከላይ ያሉት መልሶች የወጡት።

አሁን ኩርባው ለምን ቀጥ እንዳላለ እንይ። ከ24 ወደ 30 ኪሎ ጤፍ ለመውጣት እመቤቷ ወደ 28 ኪሎ ተኩል በቆሎ ለመተው ፈቃደኛ ናት፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ጤፍ አምስት ኪሎ ገደማ በቆሎ ማለት ነው። ከ30 ወደ 36 ለመውጣት ግን የምትተወው 12 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ጤፍ ሁለት ኪሎ ገደማ። ምክንያቱ ምጣዱ ላይ ይታያል። ጤፍ ባነሰበት ቡሆ ውስጥ የምትገባ አንዲት ተጨማሪ ኪሎ እንጀራው እንዲጠቀለል፣ እንዲለሰልስ፣ ዓይን እንዲያወጣ ታደርጋለች። ጤፉ አስቀድሞ በበዛበት ቡሆ ውስጥ ግን ያቺው ኪሎ የምትለውጠው ጥቂት ነው። አንድ ሰው ካለበት ነጥብ ላይ ቆሞ ለአንድ ተጨማሪ ኪሎ ጤፍ ሊተወው የሚፈቅደው የበቆሎ መጠን ኅዳጋዊ የመተካካት ምጣኔ ይባላል። ጤፍ እየበዛ ሲሄድ ይህ ምጣኔ ይቀንሳል፤ ኩርባውም ወደ ውስጥ የጎበጠው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን ኩርባ ለኢኮኖሚክስ ያስተዋወቀው ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው መጽሐፍ። እሱ እርካታ እንደ ሙቀት ሊለካ የሚችል ነገር እንደሆነ ያምን ነበር። ጣሊያናዊው ቪልፍሬዶ ፓሬቶ ግን በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መለካቱ ጨርሶ እንደማያስፈልግ አሳየ። እኛ ከላይ ያገኘነው 810,000 ምንም ትርጉም የለውም። በእጥፍ ብናደርገው፣ አንድ ሚሊዮን ብንጨምርበት፣ እኩል የነበሩት ድብልቆች እኩል፣ የሚበልጠውም የሚበልጥ ሆኖ ይቀጥላል፤ ኩርባዎቹም ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም። ተራራ በካርታ ላይ ከፍታውን በሚያሳዩ ክብ መስመሮች ይሳላል፤ በቁጥሮቹ ፋንታ ፊደል ቢጻፍባቸው እንኳ የትኛው መስመር ከየትኛው እንደሚበልጥ እስካወቅን ድረስ ወደ ላይ መውጣት አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1934 እንግሊዛውያኑ ጆን ሂክስና ሮይ አለን ይህን ሐሳብ ይዘው የፍላጎትን ትንታኔ እንደ አዲስ አዋቀሩት፤ የእርካታን መጠን ትተው የመተካካትን ምጣኔ መሠረት አደረጉ። ለእኔ የትምህርቱ ትልቅ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ሰውን «ምን ያህል ደስ አለህ?» ብሎ የመለሰውን በቁጥር መጻፍ አይቻልም፤ «ለዚህ ስትል ያንን ስንት ትተዋለህ?» ማለት ግን ይቻላል።

ሁለቱን መስመሮች አሁን እናገናኛቸው። ቤቱ 24 ኪሎ ጤፍና 48 ኪሎ በቆሎ ገዝቷል እንበል። ብሩ በትክክል አልቋል። በዚህ ነጥብ ላይ ቀመራችን የሚሰጠን የመተካካት ምጣኔ ስድስት ነው፤ እመቤቷ ለአንድ ተጨማሪ ኪሎ ጤፍ ስድስት ኪሎ በቆሎ ብትተው አይቆጫትም። ገበያው የሚጠይቃት ግን ሦስት ብቻ ነው። ልውውጡን ብታደርግ ሦስት ኪሎ በቆሎ ያህል ትርፍ አላት። በብርም ይታያል፤ በ40 ብር የምታገኘው ሲሶ ኪሎ ጤፍ ለእሷ ሁለት ኪሎ በቆሎ ያህል ይመዝናል፣ ያው 40 ብር በበቆሎ ተራ የሚያመጣላት ግን አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ በቆሎ ቀንሳ ጤፍ ትጨምራለች።

ከዚህ ተነስታ በጣም ሄዳ 36 ኪሎ ጤፍና 12 ኪሎ በቆሎ ላይ ብትደርስ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ላይ ምጣኔዋ አንድ ነው። አንድ ኪሎ ጤፍ ብትተው ለመካካሻ የሚበቃት አንድ ኪሎ በቆሎ ሲሆን ገበያው ግን ሦስት ይሰጣታል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ማረፊያው 30 ኪሎ ጤፍና 30 ኪሎ በቆሎ ነው። እዚያ ላይ የልቧ ልክ ሦስት፣ የገበያውም ልክ ሦስት ነው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብትሄድ የምታተርፈው የለም። በስዕሉ ላይ ይህ ነጥብ ኩርባው የበጀት መስመሩን ሳያቋርጠው የሚነካበት ነው። ኩርባው መስመሩን ካቋረጠው፣ በመስመሩ ላይ ትንሽ በመንቀሳቀስ ብቻ ወደ ተሻለ ኩርባ መውጣት ይቻላል ማለት ነው።

ከዚህ እኩልነት የሚከተል ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከዚያው ገበያ የሚገዛ፣ ገቢው በእጥፍ የሚበልጥ ጎረቤት አለ እንበል፤ ከጤፍ ብዙ፣ ከበቆሎ ጥቂት ይገዛል። ሁለቱ ቤቶች በምርጫም በአቅምም አይመሳሰሉም። ሁለቱም ከሁለቱም እህል እስከ ገዙ ድረስ ግን በመጨረሻዋ ኪሎ ላይ ሁለቱም አንድ ጤፍን በሦስት በቆሎ ነው የሚመዝኑት፤ ያንን ዋጋ አይቶ ሁለቱም ድብልቁን አስተካክሏልና። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች እህል ቢለዋወጡ አንዱም አያተርፍም፤ ሁለቱም ሊያተርፉበት የሚችሉትን በዋጋው በኩል አስቀድመው አግኝተውታል። እኩልነቱ የሚናገረው ግን ይህን ብቻ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደጠገበ፣ የትኛው እንደተቸገረ አንዳች አይነግረንም። የምጣኔን እኩልነት የኑሮ እኩልነት አድርጎ ማንበብ ከባድ ስሕተት ነው።

ነጥቡ የማይሠራባቸው ቤቶችም አሉ። ለእህል 1,600 ብር ብቻ ያለው፣ ቤተሰቡ እንዳይራብ በወር 40 ኪሎ እህል የሚያስፈልገው ቤት እንውሰድ። ሁሉንም በቆሎ ቢገዛበት በትክክል 40 ኪሎ ያገኛል። አንድ ኪሎ ጤፍ ልግዛ ቢል ሦስት ኪሎ በቆሎ ይተዋል፤ አጠቃላይ እህሉ 38 ኪሎ ይሆናል። ጤፍና በቆሎ በኪሎ የሚሰጡት ኃይል እጅግ ስለማይራራቅ ሁለት ኪሎ መጉደሉ የአንድ ሰው የቀናት ምግብ መጉደል ነው። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ጤፍ ከሦስት በቆሎ በታች ነው የሚመዝነው፤ ከላይ የተጠቀምንበት ቀመርም ለዚህ ቤት አይሆንም። ምርጫው የመስመሩ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ጤፍ ዜሮ። በጫፍ ላይ የልቡ ልክና የገበያው ልክ እኩል አይደሉም፣ እኩል እንዲሆኑም አያስፈልግም። ይህን ቤት አይቶ «ጤፍ አይወዱም» ማለት ረሃብን ምርጫ ብሎ መጥራት ነው።

ሌላ ዓይነት ጫፍም አለ። ድብልቅ እንጀራ ጨርሶ የማይወድ ሰው ይኖራል፤ ወይ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ፣ ወይ ንጹሕ የበቆሎ ቂጣ። የዚህ ሰው ኩርባ የሚጎብጠው ወደ ውጭ ነው። የእሱም ኩርባ የበጀት መስመሩን የሚነካበት ነጥብ ይኖራል፣ ምጣኔውም ከዋጋው ጋር እኩል ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ነጥብ በመስመሩ ላይ ካሉት ሁሉ የከፋው ነው። ተማሪዎች በፈተና ላይ ምጣኔን ከዋጋ ጋር አስተካክለው ሲያበቁ ብዙ ጊዜ የሚረሱት የኩርባውን አጎባበጥ ማየት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከተገኘው ነጥብ በግራና በቀኝ ያለ አንዳንድ ድብልቅ ወስዶ ማወዳደር። በእኛ ምሳሌ የ24 እና የ36 ኪሎ ጤፍ ድብልቆች ከ30ው ያነሱ መሆናቸውን ያየነው ለዚህ ነው።

አሁን ጤፍ ከ120 ወደ 160 ብር ይውጣ። የበቆሎው ጫፍ 120 ኪሎ ላይ እንደ ቆመ የጤፉ ጫፍ ከ40 ወደ 30 ኪሎ ይገባል፤ የገበያውም ልክ አንድ ጤፍ በአራት በቆሎ ይሆናል። የመጀመሪያው ቤት አዲሱ ማረፊያው 22 ኪሎ ተኩል ጤፍና 30 ኪሎ በቆሎ ነው፤ እዚያ ላይ የልቡም ልክ አራት ይሆናል። ቤቱ ተጎድቷል። አሠሪው ወይም መንግሥት ይህን ጉዳት ለመካስ ቢፈልግ ስንት ብር መጨመር አለበት?

የመጀመሪያው መልስ የቀድሞውን ድብልቅ መልሶ መግዛት የሚያስችል ብር ነው፤ 30 ኪሎ ጤፍና 30 ኪሎ በቆሎ በአዲሱ ዋጋ 6,000 ብር ይሆናል፣ ስለዚህ ጭማሪው 1,200 ነው። ቤቱ 6,000 ብር ሲሰጠው ግን የቀድሞውን ድብልቅ አይገዛም። ጤፍ ከበቆሎ አንጻር ተወዷልና ወደ 28 ኪሎ ጤፍና ወደ 37 ኪሎ ተኩል በቆሎ ይሄዳል፤ ይህም ከመጀመሪያው ኩርባ በላይ ነው። ወደ ቀድሞው ኩርባ ብቻ ለመመለስ 5,956 ብር ያህል ይበቃው ነበር። ልዩነቱ 44 ብር ናት። የኑሮ ውድነትን ዘወትር በአንድ ቋሚ የዕቃ ዝርዝር የሚለካ ሰው ሰዎች እንደሚተካኩ ይዘነጋልና በዚህ በኩል ትንሽ ያጋንናል። ዋጋ ሲለወጥ የሚሆነውን በሁለት ከፍሎ፣ ከአንዱ እህል ወደ ሌላው መሸሹን ለብቻ፣ የአቅም መቀነሱን ለብቻ ያሳየው ዬቭጌኒ ስሉትስኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንድ የጣሊያን መጽሔት ላይ።

የስሉትስኪ ስሌት በኢትዮጵያ ገጠር በእውነት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር የማኅበረሰብ ሥራ ለሚሠራ ሰው የቀን ክፍያው 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ነበር፤ በወር አምስት ቀን ሲሠራ 15 ኪሎ ወይም 30 ብር። ሁለቱ ሲነጻጸሩ እንዲቀራረቡ የታሰበ ነበር። ከዚያ እህል ተወደደ፣ በተለይ በ2008 ክፉኛ ናረ። ብሩም በዚያ ዓመት ወደ 8 ከፍ አለ፤ የእህሉን ዋጋ ግን አልደረሰበትም።

በስዕል ካየነው ሁለቱ ክፍያዎች የሚለያዩት እዚህ ነው። ብር የሚቀበለው ሰው፣ እህል ሲወደድ የበጀት መስመሩ ወደ ውስጥ ይገባል። እህል በኪሎ 2 ብር ሲሆን 30 ብሩ 15 ኪሎ ይገዛል፤ 4 ብር ሲሆን ግን ሰባት ኪሎ ተኩል። 15 ኪሎውን በእጁ የተቀበለው ሰው መስመር ግን አይገባም፤ በ15 ኪሎው ነጥብ ላይ ይሽከረከራል። ዋጋ ምንም ቢሆን ያ ነጥብ የእሱ ነው፣ ሊበላው ይችላል። ከተወደደ ደግሞ ጥቂቱን ሸጦ ከበፊቱ የበለጠ ጨው፣ ዘይት ወይም ሳሙና ሊገዛ ይችላል። ስሉትስኪ በወረቀት ላይ የሳለው ካሳ በጆንያ ሲከፈል ማለት ነው። በዚያ ውድነት ወቅት ተጠቃሚዎች ከብር ይልቅ እህል ማለታቸው አዲሱን ነገር ከመፍራት የመጣ አይደለም፤ መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ ያዩ ሰዎች ትክክለኛ ስሌት ነው።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። እህሉን የሚሸጥ ገበሬ የሚያገኘው ዋጋ እህል የሚገዛው ሰው ከሚከፍለው ያነሰ ነው፤ ጭነት አለ፣ ነጋዴው የሚቀንሰው አለ፣ ገበያው ሩቅ ነው። ስንዴ ሲሸጥ በኪሎ 30፣ ሲገዛ 40 ብር ይሁን። 60 ብር የሚያወጣ ዘይት ለማግኘት ሁለት ኪሎ ስንዴ መሸጥ ያስፈልጋል፤ በ60 ብር የሚገዛው ስንዴ ግን አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። የበጀት መስመሩ በራሽኑ ነጥብ ላይ ይሰበራል፤ በአንድ በኩል ተዳፋቱ ሁለት፣ በሌላው አንድ ተኩል። ያንን ዘይት ከአንድ ተኩል በላይ ከሁለት ኪሎ ስንዴ በታች የሚመዝን ቤተሰብ አይሸጥም፣ አይገዛምም፤ የተሰጠውን ይበላል። እንዲህ ያለውን ቤት ያየ ጥናት አድራጊ «ስንዴውን የሚበሉት ስለሚፈልጉት ነው» ብሎ ቢጽፍ የሚያውቀው የምጣኔውን ወሰን ብቻ ነው፤ ከሁለቱ ቁጥሮች መካከል የት እንዳለ አያውቅም። ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ተሠርቶ የመሸጫው ዋጋ ከ30 ወደ 38 ብር ቢጠጋ ግን ለዚያው ዘይት የሚሸጠው ስንዴ ከሁለት ኪሎ ወደ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ገደማ ይወርዳል። ያኔ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ጥቂት ስንዴ ይዘው ወደ ገበያ ይወጣሉ፤ ምጣኔያቸውም ይታያል።